«ይደርሳል» የተባለው ባቡር

ባለቤቴን ከአውሮፕላን የከለከላት የጆሮ ሐኪሟ ነው። በጸደይ ወራት የግራ ጆሮዋ ዴንቨር በሚገኝ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ፈቶ ከመረመራት በኋላ፣ «በምድር ላይ ወደ ፈለጉበት ይሂዱ፤ አውሮፕላን ላይ ግን እኔ ሳልፈቅድ እንዳይሳፈሩ» አላት። ይህን የሰማን ዕለት ሁለታችንም ቅር አላለንም። የምንሄድበት ቦታ አልነበረንም።

ጥቂት ቆይቶ ከሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል ከተማ ስልክ ተደወለ። የደወለችው የባለቤቴ አብሮ አደግ ጓደኛ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ባለቤቴን እንደ እናት ነው የምታያት። ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላትና ክርስትና የምትነሳው ቅዳሜ ቀን ነው። «እትዬ» አለቻት፣ «እናቴ ብትኖር እርስዎን ነበር የምትጠራው። ለልጄ ከእርስዎ ሌላ የክርስትና እናት አልፈልግም።»

እኛ ልጅ አልወለድንም። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተነግሮ አያውቅም፤ እዚህም ከዚህ በላይ አልጽፍም። ባለቤቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓዳ ገብታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ስታጥብ አየኋት። በማግስቱ ነጭ የሕፃን ልብስ ልትገዛ ወጣች። ማዕተቡን ራሷ ፈተለችው።

ሰማንያኛው ቀን ለማንም ብሎ አይተላለፍም። አውሮፕላን ተከልክሏል። እኔ ረጅም መንገድ መንዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ እርሷ መኪና ነድታ አታውቅም። ስለዚህ የቀረን ባቡር ብቻ ነበር፤ ከዴንቨር ቺካጎ፣ ከቺካጎ ደግሞ በሌላ ባቡር ሴንት ፖል።

ትኬቱን የገዛችው ባለቤቴ ናት፤ የገዛችውም ከዴንቨር አጠገብ በምንኖርባት አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ከሚገኝ የጉዞ ወኪል ቤት ነው። የሱቁ ባለቤት የእኛው አገር ሰው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፤ ገንዘብ ይልካል፤ በጾም ወቅት ሽሮና በርበሬ ይሸጣል። በቤተ ክርስቲያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ሲያዝን ቀድሞ የሚደርስ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚይዝ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ስለ እርሱ በጎ ለመናገር አይደለም፤ ሰው ሁሉ ለምን እንዳመነው ግልጽ እንዲሆን ነው።

ባለቤቴ ሁለት ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አንዱ ከዴንቨር ቺካጎ፣ ሌላው ከቺካጎ ሴንት ፖል። የማስያዣ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ በኋላም እዚሁ በኮሎራዶ መንግሥት የሥራ ፈቃድ ቢሮ። አንድ ጉዳይ በሁለት መዝገብ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ስልኩን አንሥቼ ጠየቅሁት።

«አንድ ጉዞ ነው፤ ትኬቱ ለምን ሁለት ሆነ?»

«አይ ጋሼ! ኮምፒውተሩ አንድ ላይ አልሰጥም አለኝ። ስለዚህ ለያይቼ ቡክ አደረግኩት። በብልሃት ነው እንጂ እኮ ሴንት ፖል ዓርብ አይገባም ነበር።»

«አልሰጥም ያለበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር እኮ ደንቆሮ ነው። የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይነሳል። ጣቢያው አንድ ነው፤ ወርዶ መውጣት ነው! ምን ያስጨንቅዎታል?»

በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

«ይደርሳል፣ ጋሼ» አለኝ። «ይደርሳል!»

ይህ ቃል ዛሬም ያናድደኛል። በአማርኛ «ይደርሳል» ባቡሩ ወደ ጣቢያው ይገባል ማለት ነው፤ «ይደርሳል» ጊዜው ይበቃል ማለትም ነው። የመጀመሪያው የጊዜ ሰሌዳ ንባብ ነው። ሁለተኛው ግን ቃል መግባት ነው፤ ቃል የገባ ሰው ደግሞ ኃላፊነት ይወስዳል። ሰውዬው የቱን እንደነገረኝ አልለየልኝም። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ነበር፤ ባለቤቴም እንደዚያው።

ሐሙስ ማታ ከዴንቨር ጣቢያ ተነሣን። መሳፈሪያው በጊዜው ተከፈተ፤ ባቡሩም ብዙ ሳይዘገይ ወጣ። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሴት በእጇ በያዘችው መሣሪያ ትኬታችንን አነበበችና፣ «እስከ ቺካጎ» አለች። ባለቤቴ ፈጥና፣ «አይደለም፣ እስከ ሴንት ፖል» አለቻት። ሴትየዋ መሣሪያውን እንደገና ተመልክታ፣ «እዚህ የሚታየኝ ቺካጎ ብቻ ነው» ብላ አለፈች። እኔም ሁለተኛው ትኬት ሌላ ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው አልኩ። ትክክል ነበርኩ። ትርጉሙ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ከመተላለፊያው ማዶ እንደ እኛው ከዴንቨር የተሳፈሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ተቀምጠዋል። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አማርኛን አሥመራ በተማሪ ቤት የተማሩ፣ ቃላቸውን እንደ ፊደል እየለዩ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት ወንድማቸውን ለመጠየቅ ነው፤ ለምን በአውሮፕላን እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው፣ «ስንት ዓመት ሰው ወደ ኤርፖርት አመላልሼ! እኔ ራሴ እዚያ በር እንድገባ አትጠይቀኝ» አሉኝ። ከባለቤቴ ጋር ወዲያው ተግባቡ። ስለ ክርስትናው ስትነግራቸው፣ «እንግዲያስ እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ እመት ክርስትና እናት ነዎት፤ ሻንጣውን እኔ ልያዝ» ብለው አሳቋት።

ጠዋት ስንነቃ አዮዋ ውስጥ ቆመናል። በመስኮቱ የሚታየው የተዘራ መሬትና አንድ የእህል ጎተራ ብቻ ነው። ቆይቶ በድምፅ ማጉያው፣ ከፊታችን አንድ የጭነት ባቡር ተበላሽቶ እንደቆመ፣ ሐዲዱም የጭነት ኩባንያው እንደሆነ፣ እርሱ ሳይነሳ እኛ እንደማናልፍ ተነገረን። ያ ባቡር እስኪነሳ ድረስ ብዙ ቆየን። በኋላም ዘገምተኛ ጉዞ ሆነ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሴንት ፖሉ ባቡር ከቺካጎ ሲነሳ እኛ ገና ኢሊኖይ ሜዳ ላይ እንደምንሆን ለማስላት ሰነድ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ዝርዝር ይዛ በየወንበሩ መዞር ጀመረች። «ቺካጎ ላይ ባቡር የሚቀይሩ?» እያለች ትጠይቃለች። ለኤርትራዊው አዛውንት ስማቸውን ጠርታ፣ «የዋሽንግተኑን ሊያመልጥዎት ይችላል፤ አይጨነቁ፣ ቺካጎ ላይ ሰው ይቀበልዎታል» አለቻቸው። ወደ እኛ ስትደርስ አለፈችን። ባለቤቴ እጇን አነሣች።

«እኛም እንቀይራለን።»

«ስማችሁ እዚህ የለም» አለች ተቆጣጣሪዋ። ሁለተኛውን ወረቀት አሳየኋት። አነበበችው፤ ፊቷ ተለወጠ። «ይህን ማን ሸጠላችሁ?»

«የጉዞ ወኪል።»

«ይህ መሸጋገሪያ እንደ አንድ ጉዞ አይሸጥም። ቺካጎ ላይ ከሩቅ ከመጣ ባቡር ወርዶ ሌላ ለመያዝ ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ ተወስኗል፤ ይህ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ባቡሮች እንደሚዘገዩ ስለምናውቅ ነው ጊዜው የተወሰነው። በሁለት ትኬት ከገዛችሁት ግን በእኛ መዝገብ ሁለት የማይተዋወቁ ጉዞዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አያውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቶሎ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደውሉ። ያኛው ባቡር ከመነሳቱ በፊት ካልቀየራችሁት፣ ሳትሳፈሩ እንደቀራችሁ ተቆጥሮ ትኬቱ ይሰረዛል።»

ይህች ሴት በደንብ ሠራች። ያልተመደበላትን ሰው ረዳች። የተናደድኩት በእርሷ አይደለም።

የመጀመሪያውን ስልክ የደወልኩት ወደ አውሮራ ነው። ወኪሉ አነሣ፤ ከበስተጀርባው የሱቁ ሬዲዮ ይሰማል።

«ቆመናል» አልኩት። «አንደርስም።»

«እንዴ ጋሼ! የት ቆማችሁ? ባቡር እኮ ያካክሳል። ይደርሳል፣ አይዞዎት!»

«ስማኝ። አይደርስም። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ትኬት እንድትቀይርልን ነው።»

«ጋሼ አሁን ሱቅ ሰው አለ። እርስዎ ራስዎ ቢደውሉላቸው ይፈጥናል።»

ዘጋሁበት። ወደ ባቡር ድርጅቱ ደወልኩ። መስመር ላይ ብዙ ካስጠበቁን በኋላ አንዲት ሴት መለሰችልኝ፤ የሚቀጥለው ባቡር በማግስቱ ጠዋት የሚነሳ፣ ሴንት ፖል ቅዳሜ ምሽት ላይ የሚገባ ነው አለችኝ። በዚያ አስያዘችን። «ይህ በእርስዎ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ነው» ስትለኝ የተናገረችው ሕጉን ነው፤ እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ፈቅጄ አላውቅም። የማታው አውቶቡስ ሞልቷል። የሕፃኗ አባት መኪና ይዤ ልምጣ አለ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላኝ፣ «አንተ? በልጅህ ጥምቀት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ስትነዳ? በፍጹም!» አለችው። ከዚያ ለእናቲቱ፣ «የኔ ልጅ፣ ቅዳሴው እኔን አይጠብቅም። ሌላ ሴት ፈልጊ» አለቻት። ስልኩን ከመለሰችልኝ በኋላ መስኮቱን እንጂ እኔን አላየችም።

አዛውንቱ ሁሉንም ሰምተዋል። «ወንድሜ» አሉኝ፣ «መጽሐፉ ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም ይላል። እናንተ ደግሞ ለሁለት ትኬት ተገዝታችሁ።»

«የእርስዎስ?»

«የእኔ አንድ ወጥ ትኬት ነው፤ ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን። ልጄ ነች የቆረጠችልኝ። እኔ ሌሊቱን ሳንኮራፋ አደርኩ፤ ትኬቴ ግን አልተኛም፤ ይኸው ስሜን ሲያስጠራልኝ ይውላል።» ሊያሳቁን ነበር። ባለቤቴ ፈገግ አለች፤ እኔ አልቻልኩም።

ቺካጎ ስንገባ እርሳቸውንም የዋሽንግተኑ ባቡር አምልጧቸው ነበር። መውጫው በር ላይ አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ዝርዝር ይዞ ቆሟል። ስማቸውን ጠራ፤ የሆቴል ማደሪያና የእራት ወረቀት ሰጣቸው፤ በነገው ባቡር ወንበር እንደተያዘላቸው ነገራቸው። ሁሉም ነገር ተጠናቆ ነበር፤ እርሳቸው የጠየቁት አንዳች ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ተቀብለው ከመሄድ ይልቅ ወደ እኛ ዘወር አሉና በእንግሊዝኛ፣ «እነዚህም ከእኔ ጋር ናቸው!» አሉት።

ሠራተኛው በትህትና ትኬታችንን ጠየቀ፤ ተመለከተው። «አዝናለሁ» አለ። «የእነርሱ ጉዞ እዚህ አብቅቷል።»

በዚያ ባቡር የተቀመጥነው አንድ ረድፍ ላይ ነው። የቆመብን አንድ የጭነት ባቡር ነው። የዘገየነው እኩል ነው። እርሳቸው ግን ዋሽንግተን የሚደርሱ ተጓዥ ሆነው ዘገዩ፤ እኛ ደግሞ ጉዟችንን ቺካጎ የጨረስን፣ ትንሽ ብቻ የዘገየን ሰዎች ሆንን። ለባቡር ድርጅቱ እኛ ደርሰናል! የነገውን ክርስትና፣ ነጩን ልብስ፣ ማዕተቡን የሚያውቅ መዝገብ የለም፤ ምክንያቱም ወኪሉ ኮምፒውተሩ «አይሆንም» ያለውን ነገር ለሁለት ሰንጥቆ «ይሆናል» ብሎ ሸጦልናል።

ወደ ትኬት መስኮቱ ሄድኩ። ቁጣዬን በሥርዓት መያዝ እችላለሁ፤ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረውን ትኬት ሻጭ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፤ እኛን በአንድ ትኬት ሴንት ፖል ማድረስ ይቻል ነበርን?

«ይቻል ነበር» አለኝ። «አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ ረቡዕ ማታ ከዴንቨር ትነሳላችሁ። ሐሙስ ሌሊት እዚህ ታድራላችሁ። ዓርብ ጠዋት በሚነሳው ባቡር ትሄዳላችሁ፤ ዓርብ ምሽት ሴንት ፖል ናችሁ። አንድ ማስያዣ፣ አንድ ቁጥር። እንደ ዛሬው ብትዘገዩ እንኳ ሌሊቱ ይሸፍነው ነበር። ከዚያ የባሰ ቢመጣ ደግሞ በሚቀጥለው ማሳፈር የእኛ ግዴታ ነው።»

«አጭሩን መሸጋገሪያ ለምን ኮምፒውተራችሁ አይሰጥም?»

«ቃል ልንገባበት ስለማንችል» አለኝ።

ለዚህ መልስ ባርኔጣዬን አነሣሁለት። ኮምፒውተሩ ደንቆሮ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ውል ውስጥ ሐቀኛው ሹም እርሱ ብቻ ነበር። የማይፈጽመውን አልፈርምም አለ። እኔም ቢሮ ሳለሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ስንት ሰው «ጋሼ፣ ትንሽ ይለፉት» ብሎኛል። አላለፍኩም። አንድ ሥርዓት «አይሆንም» ሲል፣ ያ ቃል የሚጠብቀው ሰው አለ። የእኛ ሰው ግን «አይሆንም» ሲባል የሚሰማው ንቀት ነው፤ የሚፈልገውም ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ያገኘ ደግሞ ብልህ ይባላል። ይህን ስናገር የሌላ አገር ሰው ሆኜ አይደለም።

ሴንት ፖል የደረስነው ቅዳሜ ምሽት ነው። ድግሱ አልቆ ነበር፤ ወንበር እየተነባበረ ነው። ሕፃኗ በተውሶ ልብስ ተጠምቃ፣ በአንገቷ ማዕተብ ታስሮላት ተኝታለች። ማዕተቡን ያሰረችላት የቤቱ ጎረቤት ናት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የተለመነች ጨዋ ሴት። ባለቤቴን ስታያት ከወንበሯ ተነሥታ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ቦታዎን ይዤብዎ» አለቻት። ባለቤቴ አቅፋ ሳመቻት። «ምን ቦታ! እግዚአብሔር የሰጠሽ ነው» አለቻት። ምሽቱን ሙሉ ለሁሉም ፈገግ ስትል አመሸች። ሻንጣውን ግን አልከፈተችውም። እናቲቱ እያለቀሰች፣ «ለኔ እርስዎ ነዎት» አለቻት። ባለቤቴም ጸጉሯን እየዳሰሰች፣ «ለአንቺማ ነኝ» አለች። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም፤ ሁላችንም አውቀናል። የክርስትና እናት አንዴ ነው የምትሆነው። ጋብቻ ሲመጣ ደሙ የሚቆጠርበት ዝምድና ነው፤ በደግ ቃል አይተላለፍም።

እዚያ ሰነበትን፤ ሐኪሙ በስልክ ሲፈቅድላት በአውሮፕላን ተመለስን። ወደ አውሮራ በተመለስኩ ማግስት ሃቫና ጎዳና ሄድኩ። ወኪሉ አንዲት ወጣት ሴት እያስተናገደ ነበር። ቲሸርቷ ላይ የሆስፒታል መታወቂያ አንጠልጥላለች፤ እናቷን ለማሳከም ወደ ሌላ ከተማ በባቡር ልትወስድ ነው። ሲያየኝ በሁለት እጁ ሊጨብጠኝ ተነሣ።

«ጋሼ! እንኳን በሰላም መጡ! እንዴት ነበር ክርስትናው?»

«ክርስትናውን አላየነውም።»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ምን ይደረግ፣ የባቡር ነገር! እኔ በበኩሌ የምችለውን አድርጌያለሁ።»

«ይደርሳል ብለኸኝ ነበር።»

እዚህ ላይ የተናገረውን እንደ ወረደ እጽፈዋለሁ። ፈገግ አለና፣ «ጋሼ፣ ይደርሳል ያልኩት እኮ ባቡሩን ነው። ባቡሩ ደግሞ ደርሷል!» አለኝ።

ለወጣቷ ዘወር አልኩ።

«ልጄ፣ ትኬትሽ ስንት ነው?»

«ሁለት» አለች። ግራ ገብቷታል።

«ለምን ሁለት ሆነ ብለሽ ጠይቂው።»

ዞራ አየችው። «ለምንድነው ሁለት የሆነው?»

«ኮምፒውተሩ አንድ ላይ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

«ኮምፒውተሩ አንድ ላይ አልሰጥም ካለ» አልኳት፣ «በመሸጋገሪያው ያለው ጊዜ ከተወሰነው ያንሳል ማለት ነው። ይህ ሰው ለያይቶ ሲሸጥልሽ፣ ባቡሩ ቢዘገይ ኃላፊው ማን ነው? ባቡሩ አይደለም። እርሱም አይደለም። አንቺና የታመመች እናትሽ ናችሁ። አንድ ወጥ ትኬት ጠይቂ፤ ጊዜው ረጅም ቢሆንም። ጣቢያ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ይሻላል።»

ወረቀቶቹን ገፋ አድርጋ ወጣች። ወኪሉም በሩ እንደተዘጋ፣ «ጋሼ! ገበያዬን ነው የዘጉት! በሰው ፊት!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ከዚህ በላይ በሰው ፊት ልናገረው የምችለው እንዳለ ነግሬው ወጣሁ።

በቤተ ክርስቲያን ወሬው ዞረ። የተወራው ደግሞ የእርሱ በደል አይደለም፤ የእኔ ቁጣ ነው። «በጡረታ ዘመኑ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሰው ያሳፍራል» ተባልኩ። ሰላም ካልወረደ ሥጋ ወደሙ እንዴት እንቀበላለን ተባለ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሁሉም የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቴ የሚቀመጡበትን አዘጋጀች።

ታላቁ ሽማግሌ ብዙ መቅድም አደረጉ። ጥፋት ከሁለቱም ወገን እንደማይጠፋ፣ ወኪሉ ሆን ብሎ እንዳላደረገ፣ ልቡ ደግ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያም፣ «አሁንም ውጭ መኪና ውስጥ ሆኖ ቃላችሁን ይጠብቃል» አሉ።

«ለምን አልገባም?» አልኩ።

«አፍሮ ነው።»

«አፍሮ ከሆነ ጥሩ ነው። ማፈሩን ግን እዚህ ሆኖ ይፈር።»

«አየ!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ «አንተ ሰውዬ ቢሮህን ዛሬም አልዘጋህም? ይቅርታ እኮ በማመልከቻ አይደለም።»

«በማመልከቻ ቢሆን ኖሮ» አልኩ፣ «እስካሁን ውድቅ አድርጌው ነበር።» ሦስቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ይግባ» አለች ባለቤቴ። ሦስተኛው ሽማግሌ ወጥተው ይዘውት ገቡ። ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ቁጭ በል ሲባልም አልተቀመጠም። «እትዬ» አላት፣ «በእውነት አዝኛለሁ። ለእርስዎና ለጋሼ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፣ በነፃ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ...»

«ልጄ» አለችው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሕፃኗን የክርስትና ስም ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ቄሱ ስሟን ሲጠራ እጇን ይዤ መስማት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ የሰማሁት በስልክ ነው። መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ ሁለቴ አስደገምኳቸው።» ቀና ብላ አየችው። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይህን ሽማግሌዎቹም ይስሙ። ትኬትህን ግን አልፈልግም። ከእንግዲህ ሰው አንተ ዘንድ ሲመጣና ኮምፒውተሩ አይሆንም ሲልህ፣ አይሆንም በለው። ይኸው ነው።»

እርሱ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ባለቤቴ ይቅር ብላለች፤ የተበደለችው እርሷ ናትና መብቱ የእርሷ ነው። እኔ ግን አሜን ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ታላቁ ሽማግሌም ልብ ብለውታል።

ሲነሡ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው። ለሦስቱ ሽማግሌዎች በሩን እየከፈትኩ አንድ በአንድ አሳፈርኩ፤ ለእያንዳንዳቸውም ራሴን ዝቅ አድርጌ ተሰናበትኩ። እርሱ በአሽከርካሪው ወንበር በኩል ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እጄን አልዘረጋሁለትም። ወደ ቤቴ ገባሁ።